ጥሙ የሚጀምረው ከሽሮው ዕቃ ነው

አንዲት እናት እናስብ። ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል፤ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ዓርብ፣ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ። ከክትትል ሲመለሱ አንድ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ላይ ሁለት መስመር ጎላ ብሎ ተጽፏል፤ አንደኛው «ጨው ይቀንሱ»፣ ሁለተኛው «በቀን ከ800 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽ አይውሰዱ»። ልጆቻቸው ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፉት፤ የጨው ዕቃውን ከገበታ አነሱት፤ እናታቸው የሚጠጡትን ብርጭቆ እየቆጠሩ ይከታተሉ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የእናትየው እግር አበጠ፤ ሌሊት ጥሙ አላስተኛቸው አለ፤ ሚዛን ላይ ሲወጡ አራት ኪሎ ጨምረዋል። «እማዬ፣ ተደብቀሽ ትጠጫለሽ» ተባሉ። እሳቸውም መልስ አጥተው አለቀሱ።

እንዲህ ያለው ጠብ የኩላሊት ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሁሉ የታወቀ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ጥፋቱ የታማሚው አይደለም። ወረቀቱ ሁለቱን ትእዛዞች እኩል አድርጎ ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል እንጂ እኩል አይደሉም። ሁለተኛው ያለ አንደኛው አይፈጸምም። ጨው በልቶ ውኃ ይቅርብኝ ማለት የሰው አቅም የሚችለው ነገር አይደለም። የእኛ ቤት ጨው ደግሞ ያለው ከገበታ በተነሳው ዕቃ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ከወራት በፊት ወፍጮ ቤት ሄዶ ከሽሮውና ከበርበሬው ጋር አብሮ ተፈጭቷል።

መጀመሪያ የጨውንና የውኃን ዝምድና እንይ። ሐኪም ቤት አልጋ አጠገብ የሚሰቀለውን ጨዋማ ጉሉኮስ ያላየ የለም። በአንድ ሊትሩ ውስጥ 9 ግራም ጨው አለ፤ ይህም የሆነው የደማችን ጨዋማነት ከዚያ ጋር ስለሚቀራረብ ነው። ሰውነት ይህን መጠን አጥብቆ ይጠብቃል። ጨው ሲገባ ደሙ እንዳይከርር አንጎል የጥም ትእዛዝ ያወጣል፤ ለ9 ግራም ጨው አንድ ሊትር ውኃ እስኪገባ ድረስም አይለቅም። ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው ጨዉንም ውኃውንም በሽንት ያስወጣና ነገሩ ያበቃል። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን ሁለቱንም ተሸክሟቸው ይኖራል።

አሁን የእኚህን እናት አራት ኪሎ እናስላው። በቀን 12 ግራም ጨው ቢበሉ፣ ይህ ደግሞ ጨው ወደድ በሚያደርግ ቤት እንግዳ መጠን አይደለም፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ባለው ሦስት ቀን 36 ግራም ይሆናል። በሽንት የሚወጣውን ጥቂቱን ጨው ለሂሳቡ ቀላልነት ትተነው 36ን ለ9 ብናካፍል አራት ሊትር ውኃ እናገኛለን። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሚመዝን፣ ሚዛኑ ላይ የታየው አራት ኪሎ ይኸው ነው። እኚሁ እናት በቀን 5 ግራም ብቻ ቢበሉ በሦስት ቀን 15 ግራም፣ ማለትም ከ1.7 ሊትር የማይበልጥ ውኃ ይሆን ነበር። ብርጭቆ የሚቆጥር ሰው ሳያስፈልጋቸው ጥሙ ራሱ በግማሽ ያነሰ ነበር።

ልዩነቱ እጥበቱ ላይ ሲደርስ ይበልጥ ይታያል። ትርፍ ውኃ ሳይኖርባቸው የሚመዝኑት፣ ሐኪሞቹ ደረቅ ክብደት የሚሉት፣ 58 ኪሎ ነው እንበል። አራቱ ኪሎ በአራት ሰዓት እጥበት ይውጣ ከተባለ በየሰዓቱ አንድ ሊትር ከደማቸው ሊሳብ ነው። ለ58 ኪሎ ሰው ይህ ከባድ ነው፤ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ የባት ጡንቻ ይሸማቀቃል፣ ሰውየው ቤቱ ሲገባ እንደተደበደበ ሆኖ ይተኛል። 1.7 ኪሎ ቢሆን ኖሮ በሰዓት ግማሽ ሊትር እንኳን አይሞላም ነበር። በገንዘብ ምክንያት በሳምንት ሦስት ጊዜ ማድረግ ላልቻለና ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚታጠብ ሰው ደግሞ ከዓርብ እስከ ማክሰኞ ያለው አራት ቀን ረጅሙና አስጊው ነው። ስለዚህ ዓርብ ማታ የሚበላው ጨው ከሌላው ቀን ጨው ይበልጥ ይከብዳል ብዬ ባምን ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ለኩላሊት ሕመምተኛ የሚመከረው ከፍተኛ መጠን በቀን 5 ግራም ጨው ነው። በሻይ ማንኪያ ሲለካ፣ ከላይ በቢላዋ ልሙጥ ተደርጎ፣ አንድ የሚያህል ወይም ትንሽ ጎደል የሚል ነው። ይህ ግን ወጥ ላይ የሚነሰነሰው ብቻ ሳይሆን ከየትም የሚመጣው ሁሉ ድምር ነው፤ ዳቦው ውስጥ ያለው፣ ሽሮው ውስጥ ያለው፣ ወተቱና እንቁላሉ በተፈጥሮ የያዙት ሁሉ አብሮ ይቆጠራል።

እንግዲህ ወደ ሽሮው ዕቃ እንምጣ። ምጥን ሽሮ ሲዘጋጅ አተሩና ሽምብራው ይታመሳል፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው ይጨመራል፣ ጨዉም ይገባል። አንድ ቤት ለአምስት ኪሎ ሽሮ ሩብ ኪሎ ጨው ጨመረ እንበል። በአንድ ኪሎ ዱቄት 50 ግራም ያህል ጨው ገባ ማለት ነው። ለአንድ ሰው የሚበቃ ሽሮ ወጥ ለመሥራት 40 ግራም ገደማ ዱቄት ይፈልጋል፤ በዚያ ውስጥ 2 ግራም ጨው አስቀድሞ ተቀምጧል። የምትሠራው ልጅ «ለእማዬ ጨው አልጨመርኩም» ብትል እውነቷን ነው፤ ነገር ግን የቀኑ ድርሻ ግማሽ ሊሆን ምንም ያህል ያልቀረው በአንድ ምሳ ተበልቷል። በርበሬውም ጨው ካለበትና ለቁሌት ሁለት ማንኪያ ከገባ ሂሳቡ ይብሳል። ሚጥሚጣ፣ ድቁስ፣ አዋዜና ዳጣ ያለ ጨው አይታሰቡም። ቋንጣ የሚደርቀው በጨው ታሽቶ ነው። ለሾርባና ለወጥ ማጣፈጫ የሚሸጠው ኩብማ ዋናው ነገሩ ጨው ነው። አንዳንድ ቤት የወጥ ቅቤ ሲነጠርም ጨው ጣል ይደረግበታል። በአንፃሩ እንጀራችን ብዙውን ጊዜ ጨው የለበትም፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። ጠዋት ጠዋት በዳቦ ፋንታ እንጀራ የሚበላ ሰው ሳያስበው ግራም ገደማ ጨው ያተርፋል።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ወጥ ሲሠራ ሳይሆን በርበሬና ሽሮ ሲዘጋጅ ነው። ለታማሚው የሚበቃው ያህል፣ ለምሳሌ አንድ አንድ ኪሎ፣ ጨው ሳይገባበት ለብቻው ይፈጫል፤ ወይም ይበልጥ የሚቀለው ለቤቱ ሁሉ ያለ ጨው አስፈጭቶ፣ ጨው የሚፈልግ ሰው ሳህኑ ላይ እንዲጨምር ማድረግ ነው። ጨው ካልገባበት ይነቅዛል ብለው የሚሰጉ እናቶች አሉ፤ በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ጥቂት ጥቂቱን ማስቀመጥና የቀረውን ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ይበቃል። ከገበያ የታሸገ ሽሮ ወይም በርበሬ የሚገዛ ሰው ደግሞ ማሸጊያውን ያንብብ። ጨው ከተባለ ቁጥሩን እንዳለ ይውሰደው፤ ሶዲየም ተብሎ ከተጻፈ በ2.5 ማባዛት አለበት፤ 400 ሚሊ ግራም ሶዲየም ማለት አንድ ግራም ጨው ነው።

አልጫም ሆነ ቀይ ወጥ ለቤተሰቡ በአንድ ድስት ሲሠራ፣ ጨው ከመጨመሩ በፊት የእናትየው ድርሻ በትንሽ ድስት ይወጣ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በትንሽ ዕቃ ይሰፈርላቸው፤ የዕለቱ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ። ይህን ጨው ወጡ ሲበስል ከመጨመር ይልቅ ሊበሉ ሲሉ ከላይ ነስነስ ማድረግ ይሻላል፤ ምላስ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ስለሆነ ትንሹ ብዙ መስሎ ይጣፍጣል። ሽንኩርቱ በደንብ ይቁላላ፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል አይሰሰት፤ ጦስኝ፣ የጥብስ ቅጠል፣ ጥቁር አዝሙድ፣ መጨረሻ ላይ መከለሻ፣ ገበታ ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ፣ እነዚህ ሁሉ የጨውን ጉድለት ይሸፍናሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ግን ምግቡ «አይጥምም» ይባላል፤ እውነትም አይጥማቸውም። ምላስ የለመደውን የሚተወው ቀስ ብሎ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የጎረቤት ወጥ ጨው በዛበት ማለት ይጀምራሉ።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ወጥመድ አለ። ውጭ አገር ያሉ ልጆች ለእናታቸው አስበው «ሶዲየም የሌለው ጨው» ይልካሉ፤ አሁን አሁን በትልልቅ መደብሮችም ይገኛል። አብዛኛው እንዲህ ያለ ጨው በሶዲየም ፋንታ ፖታሲየም የተቀላቀለበት ነው። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት ስለማይችል በደም ውስጥ ይከማችና የልብን ምት ያዛባል፤ ልብንም ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። በፍቅር የተላከ ቢሆንም ሐኪም ሳያየው ገበታ ላይ መቅረብ የለበትም። ውኃ ውስጥ ተጥለው የሚፈሉ የሕመም ማስታገሻ ክኒኖችም ብዙ ሶዲየም አላቸው፤ አንዱ ፍሬ ወደ አንድ ግራም ጨው የሚጠጋ ሊይዝ ይችላል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉት ደግሞ ጨውና ውኃ በሰውነት እንዲቀር ከማድረጋቸውም በላይ የቀረውን ኩላሊት ይጎዳሉ።

ጨዉ ልክ ሲይዝ ነው ስለ 800 ሚሊ ሊትሩ ማውራት የሚቻለው። ይህ ቁጥር ከየት መጣ? እናትየው የ24 ሰዓት ሽንታቸውን እንዲለኩ ተነግሯቸው ነበር። ጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት ሽንት ቤት ይደፉታል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ እስከ ማግስቱ ጠዋት፣ የማግስቱን የመጀመሪያ ሽንት ጨምሮ፣ በአንድ ዕቃ ያጠራቅማሉ። 300 ሚሊ ሊትር ሆነ። በዚያ ላይ 500 ተጨመረበት። አምስት መቶው በትንፋሽ፣ በላብና በሰገራ የሚወጣው ውኃ፣ ምግቡ ውስጥ ተደብቆ ከሚገባው ውኃ ጋር ተቀናንሶ የሚቀረው ግምት ነው። ስለዚህ የጎረቤት ሕመምተኛ አንድ ሊትር ተፈቅዶለት እሳቸው 800 ቢባሉ አድልዎ አይደለም፤ የሽንታቸው መጠን ይለያያል። ሽንቱ ከወራት በኋላ ሲቀንስ ቁጥሩም ይቀንሳል፤ ያኔ ወረቀቱ አርጅቷል።

ፈሳሽ ማለት ውኃ ብቻ አይደለም። ሻይ፣ ቡና፣ ወተት፣ አጥሚት፣ ሾርባ፣ እርጎ፣ ለስላሳ፣ ጠላ፣ በረዶ፣ መድኃኒት የሚዋጥበት ውኃ ሁሉ ይቆጠራል። ከተጋቢኖ ይልቅ ፈሰስ ያለ ሽሮ የሚወድ ሰው መረቁንም ማሰብ አለበት። ስለዚህ ቤት ያሉትን ዕቃዎች አንድ ጊዜ መለካት ይጠቅማል፤ ግማሽ ሊትር የሚይዝ የውኃ ፕላስቲክ ካለ ሲኒው ስንት ጊዜ እንደሚያወጣለት መቁጠር ነው። የእኚህ እናት ሲኒ 60፣ የሻይ ብርጭቋቸው 150 ሚሊ ሊትር ሆኖ ተገኘ። ቀኑን እንዲህ አደረጉት፤ ጠዋት መድኃኒቱን በ100 ዋጡ፣ አንድ ብርጭቆ ሻይ ጠጡ፣ ከረፋዱ ቡና ላይ አቦልና ቶና ወስደው በረካውን ተዉት፣ ከምሳ ጋር 150፣ ከራት ጋር 150፣ የማታ መድኃኒት በ80፣ ለሌሊት 50 አስቀሩ። ተደምሮ 800 ነው። ቡናው የቀረባቸው ይመስላቸው ነበር፤ ሁለት ሲኒ ከጎረቤት ጋር መጠጣት መቻላቸው ከሁሉ በላይ አስደሰታቸው። በጨው ቡና የሚጠጣበት አካባቢ ያለ ሰው ግን ያንን ልማድ ይተው።

ቁጥር ማስላት የሚያስቸግር ከሆነ ጠዋት 800 ሚሊ ሊትር ውኃ በአንድ ማሰሮ ወይም ጀግ ይቀዳል። ሻይ ሲጠጡ ያንኑ ያህል ከጀጉ ለቤተሰቡ ድስት ይገለበጣል፤ ውኃ ሲያምራቸው ከዚያው ይጠጣሉ። ጀጉ ሲጎድል ሁሉም ያየዋል፤ «ስንት ጠጣሽ?» የሚለው ጥያቄም ይቀራል። አፍ ሲደርቅ ውኃ ተጉመጥምጦ መትፋት፣ ቀጭን ሎሚ መምጠጥ፣ ማስቲካ ማኘክ ያስታግሳል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ግን ጨው ቀንሶም ጥሙ ካልለቀቀው ስኳሩን ይለካ፤ ከፍ ያለ ስኳርም ያስጠማል።

ስለ ጠበል ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም፤ ወረቀቱ ላይ ፈጽሞ የማይጻፍ፣ ግን ብዙ ሰው የሚገጥመው ጉዳይ ነው። ታሞ ተስፋ የፈለገ ሰው በባዶ ሆዱ ሊትሮች ጠበል ይጠጣል። ሽንቱ የቀነሰ ሕመምተኛ ግን እንዲህ ካደረገ ውኃው ሳንባው ላይ ደርሶ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። ለእምነቱ ከሚቀርበው አባት ጋር ተነጋግሮ መረጨት ወይም መጠመቅ፣ የሚጠጣውንም በአንድ ሲኒ ወስኖ ከዕለቱ ልክ መቁጠር ይቻላል። በረመዳን መጾም ለሚያስበው ደግሞ ጾሙ ይቻል እንደሆነ ሐኪሙን መጠየቅ ይቀድማል፤ ከተፈቀደለትም የቀኑን ልክ ማፍጠሪያ ላይ በአንድ ጊዜ አይጨርሰው።

የፈሳሽ ገደቡ ለሁሉም የኩላሊት ሕመምተኛ አለመሆኑን ግን አጥብቄ ማስታወስ እፈልጋለሁ። ሕመሙ ገና መካከለኛ ደረጃ ላይ ያለ፣ እንደ ልቡ የሚሸና፣ እብጠት የሌለበት ሰው የጎረቤቱን ወረቀት ተውሶ ውኃ ቢከለከል ኩላሊቱን ይጎዳል። «ውኃ በብዛት ጠጣ፣ ኩላሊትህን ያጥበዋል» የሚለው ምክርም ሽንቱ ለቀነሰ ሰው ጉዳት ነው። የራሱ ወረቀት ያለውም ቢሆን ሲያስመልሰው፣ ሲያስቀምጠው ወይም ቆላ ወርዶ ብዙ ሲያልበው ገደቡን እንዳለ ከመያዝ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ሲነሳ የሚያዞረው ሰውም እንዲሁ።

ውኃ መጠራቀሙን የሚናገረው ሚዛን ነው። ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በተመሳሳይ ልብስ መመዘንና መጻፍ ያስፈልጋል። በቀን ከአንድ ኪሎ በላይ ከጨመረ የትናንቱ ገበታ ይታሰብ፤ የታመመ ጠያቂ ያመጣው ዳቦ፣ የሰርግ ወጥ፣ አዲስ የተገዛ በርበሬ። የቅልጥሙን አጥንት በአውራ ጣት ለጥቂት ሰከንድ ተጭኖ ሲለቁት ጎድጎድ ብሎ ከቀረ እብጠት አለ። በጀርባ መተኛት ካቃተ፣ ትራስ መደራረብ ከተጀመረ፣ ሌሊት አየር ፍለጋ ከተነሱ ግን የሚቀጥለው የእጥበት ቀን አይጠበቅም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ነው።

ሚዛኑም ራሱ የሚያታልልበት ጊዜ አለ። እናትየው ምግብ አልበላ ብሏቸው ሁለት ወር ከሰሙ እንበል። ሥጋቸው ሁለት ኪሎ ቀንሷል፤ በምትኩ ሁለት ኪሎ ውኃ ገብቷል። ሚዛኑ አሁንም 58 ይላል፤ ሁሉም ደህና መስሎታል፤ ግፊታቸው ግን አልወርድ ብሏል፣ ቀለበታቸው ጣታቸው ላይ ጠቧል። ደረቅ ክብደታቸው 56 ሆኗል፣ ወረቀቱ አላወቀም። ለዚህ ነው ወደ እጥበት ሲሄዱ የምግብ ፍላጎታቸው መቀነሱን፣ ቀሚሳቸው መስፋቱንና የተጻፈውን የየቀኑን ክብደት ይዘው እንዲሄዱ የምመክረው፤ ነርሷ በዚያ ላይ ተመሥርታ አዲሱን ቁጥር ከሐኪሙ ጋር ታወጣለች፣ የማቀዝቀዣውም ወረቀት በአዲስ ይቀየራል።